የሰኔው ትልቅ ውል እና የሻጩ ነጥብ

ሰኔ በአዲስ አበባ ላሉ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቶች ከሌላው ወር ሁሉ የተለየ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 በመሆኑ፣ ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት እንዳይመለስባቸው የሚሰጉ መሥሪያ ቤቶች የጀመሩትን ግዢ ከዚያ በፊት ለመቋጨት ይጣደፋሉ። ፕሮፎርማ በብዛት የሚጠየቀውም፣ የዘገየው ውል የሚፈረመውም በእነዚህ ሳምንታት ነው። ወሩን ሙሉ ስልክ ሳያነሳ የቆየ የግዢ ኃላፊ ራሱ ደውሎ «ዕቃው መቼ ይደርሳል?» ይላል።

ሐምሌ ሲገባ የሽያጭ ኃላፊዎች የአራተኛውን ሩብ ዓመት የሠራተኞች ምዘና ይዘው ይቀመጣሉ። በብዙ ድርጅት ይህ ምዘና ከአንድ መስመር አያልፍም፤ ዕቅዱ ስንት ነበር፣ ስንት ተሸጠ፣ በመቶኛ ስንት ሆነ። ያ አንድ መስመር የሰኔን ጥድፊያ፣ የአጋጣሚን ድርሻና የሠራተኛውን ልፋት ደባልቆ አንድ ቁጥር ያደርጋቸዋል። የደመወዝ ጭማሪው፣ ዕድገቱና የደንበኛ ክፍፍሉ የሚወሰነው ግን በዚሁ ቁጥር ነው።

ነገሩን ለማየት አንድ የቢሮ መሣሪያ አስመጪ እንውሰድ። አሃዞቹ ለማስረዳት የተሰናዱ ናቸው፤ ሁኔታው ግን ለሙያው ሰዎች እንግዳ አይደለም። ድርጅቱ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ፕሪንተር ያስመጣል፣ ቶነር ያቀርባል፣ የጥገና ውል ይገባል። ሁለት የሽያጭ ሠራተኞች አሉት፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ላለው ጊዜ ለእያንዳንዳቸው የተሰጣቸው ዕቅድ 6 ሚሊዮን ብር ነው።

ሻጩ 9 ሚሊዮን ብር ሸጠ። ከዚህ ውስጥ 7.5 ሚሊዮኑ በሰኔ አጋማሽ ከአንድ የመንግሥት ቢሮ ጋር በጨረታ የተፈረመ አንድ ውል ሲሆን፣ ቀሪው 1.5 ሚሊዮን ከሦስት ደንበኞች የተገኘ ነው። ሻጯ 5.7 ሚሊዮን ብር ሸጠች። የእሷ ሽያጭ ከ19 ደንበኞች የመጣ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው 900 ሺህ ብር ነበር። በተለመደው ምዘና እሱ 150 በመቶ፣ እሷ 95 በመቶ ያገኛሉ። እሱ ዕቅዱን አልፏል፣ እሷ አልሞላችም፤ ጉዳዩ ተዘጋ።

ይሁንና ያ 7.5 ሚሊዮን እንዴት እንደመጣ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ቢሮው ማሽኖቹን ለመቀየር የወሰነው ከዓመት በፊት ነው። ጨረታው በጋዜጣ ወጣ። ዋጋውን የወሰነው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦውን ያሠራው ፋይናንስ ክፍሉ ነው። ሻጩ የቴክኒክ ሰነዱን በጥንቃቄ አዘጋጅቶ በሰዓቱ አስገብቷል፣ ለተነሱት ጥያቄዎችም መልስ ሰጥቷል። ይህ ሥራ ነው፤ ዋጋም አለው። ነገር ግን የስድስት ወር ሰነዶችን መለስ ብሎ ያየ ኃላፊ፣ ያ ቢሮ በሻጩ ምድብ ውስጥ ባይሆን ኖሮ ውሉ በሻጯ ስም ሊፈረም ይችል እንደነበር ይረዳል።

ሽያጭን በብር መጠን ብቻ መመዘን ሌላም ጣጣ አለው። ኢያን ላርኪን የተባሉ ተመራማሪ በአንድ ትልቅ የሶፍትዌር ሻጭ ኩባንያ ላይ ያደረጉትን ጥናት በ2014 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። በኩባንያው አንድ ሻጭ በሩብ ዓመቱ ውስጥ ብዙ በሸጠ ቁጥር የኮሚሽኑ መቶኛ እየጨመረ ይሄዳል። ሻጮቹም ውሎችን ገንዘብ በሚያስገኝላቸው ሩብ ዓመት ውስጥ ለማጨቅ ሲሉ ደንበኛውን በቅናሽ ያባብሉት ነበር። ጥናቱ ይህ ቅናሽ ኩባንያውን ከገቢው ከ6 እስከ 8 በመቶ እንዳሳጣው አስልቷል። ደንበኛው ያለ ቅናሽም ሊገዛ ይችል ነበር፤ የተለወጠው የፊርማው ቀን ነው።

የብር ቁጥር በራሱ የሚዋሽበት ጊዜም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር የታቀደ ዕቅድ የነበረው የአስመጪ ሻጭ፣ ዋጋው አብሮ ሲወጣ ከወትሮው ያነሱ ማሽኖች ሸጦም ዕቅዱን ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ከብሩ ጎን የተሸጠው ዕቃ ብዛትና የተገኘው ትርፍ ካልተቀመጡ፣ መቶኛው ስለ ሠራተኛው የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው።

ይህን የተረዱ አንዳንድ ድርጅቶች ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳሉ። «ትልቅ ውል ብቻ እንዳይሸለም የሽያጩን ብዛት እንቁጠር» ይላሉ። ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ የአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ አሳይቷል። ባንኩ ሠራተኞቹን የሚለካው አንድ ደንበኛ ስንት ዓይነት አገልግሎት እንደያዘ በመቁጠር ነበር፤ ሂሳብ፣ ካርድ፣ ብድር እያለ ለአንድ ቤተሰብ ስምንት ማድረስ ግብ ሆነ። የዕለት ኮታቸውን መሙላት ያቃታቸው ሠራተኞች ደንበኛው ሳያውቅ ሂሳብ መክፈት ጀመሩ። በመስከረም 2016 (እ.ኤ.አ.) ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በጉዳዩ ከሥራ የተሰናበቱት ሠራተኞች 5,300 ገደማ እንደሆኑም ታወቀ። ባንኩ በኋላ ባደረገው ሰፋ ያለ ማጣራት፣ ያለ ደንበኛው ፈቃድ ተከፍተው ሊሆን ይችላል የተባሉት ሂሳቦች ቁጥር ወደ 3.5 ሚሊዮን ደረሰ። እዚህ ላይ ትልቅ ውል የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ጥቃቅን ነው። ጥፋቱን ያመጣው ሥራው ሁሉ በአንድ ቁጥር መለካቱ፣ ያ ቁጥርም ሠራተኛው ብቻውን ሊሞላው የሚችል መሆኑ ነው።

ስለዚህ የተሻለው ምዘና ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ያያል፤ በዚህ ሩብ ዓመት የተሸጠውን፣ ለሚቀጥለው የተዘራውን፣ ቀድሞ የገዙት ደንበኞች ያሉበትን ሁኔታ። በምሳሌያችን ድርጅት ከመቶ ነጥብ 50ው ለዕቅድ፣ 25ቱ በሂደት ላይ ላሉ ሽያጮች ጥራት፣ 25ቱ ለደንበኛ ግንኙነት ተሰጥቷል። ክፍፍሉ እንደ ንግዱ ዓይነት ሊለያይ ይችላል። መለወጥ የሌለበት፣ ሩብ ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ ለሠራተኞቹ መሰጠቱ ነው።

በመጀመሪያው ክፍል ድርጅቱ አንድ ገደብ አስቀመጠ። ለምዘና ሲባል ከአንድ ውል ላይ በአንድ ሩብ ዓመት ከዕቅዱ ግማሽ በላይ አይቆጠርም። ትርፉ አይጣልም፤ ዕቃው ርክክብ ተደርጎ ገንዘቡ ሲገባ፣ በተከታዮቹ ሩብ ዓመታት በዚያው ገደብ ይታሰባል። በዚህ መሠረት ከሻጩ 7.5 ሚሊዮን ውስጥ አሁን የሚቆጠረው 3 ሚሊዮኑ ነው፤ ከሌሎቹ ሽያጮቹ ጋር 4.5 ሚሊዮን፣ ማለትም የዕቅዱ 75 በመቶ ይሆናል። ከ50 ነጥብ 37.5 ያገኛል። ሻጯ በ95 በመቶዋ 47.5 ታገኛለች።

ይህ ገደብ ኮሚሽንን አይነካም። ሻጩ በውሉ መሠረት የሚገባውን ኮሚሽን በሙሉ ይወስዳል። ኮሚሽን የተሸጠውን ዕቃ ዋጋ ይከፍላል፤ ምዘናው ደግሞ ማን ይደግ፣ ማን ምን ሥልጠና ያግኝ፣ የትኛው ደንበኛ ለማን ይሰጥ የሚለውን ይወስናል። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ሲደባለቁ፣ አንድ ጥሩ ጨረታ ያሸነፈ ሰው ማግሥቱን የቡድን መሪ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ክፍል ብዙ ኃላፊዎች የሚሳሳቱበት ነው። በሽያጭ ሰዎች አነጋገር ፓይፕላይን የሚባለው፣ ገና ያልተቋጩ ሽያጮች ዝርዝር ነው፤ ፕሮፎርማ የተሰጠበት፣ ናሙና የታየለት፣ ጨረታ የሚጠበቅበት ሁሉ እዚያ ይገባል። የተለመደው መለኪያ ድምሩ ነው። የዝርዝሩ ጠቅላላ ዋጋ የዕቅዱ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት የሚል ልማድ አለ። በዚህ ብንሄድ 12 ጉዳዮችና 40 ሚሊዮን ብር በዝርዝሩ ላይ ያለው ሻጭ እጅግ ጎበዝ ነው። ሻጯ ያላት 20 ጉዳዮችና 11 ሚሊዮን ብር ብቻ ስለሆነ ትወድቃለች። ሦስት እጥፍ የሚለው ልማድ ግን ትርጉም የሚኖረው ከሦስት ብር አንዱን ለሚያሸንፍ ሰው ነው። ግማሹን የሚያሸንፍ ሰው ሁለት እጥፍ ይበቃዋል፤ ከአሥር አንዱን ብቻ የሚያሸንፍ ደግሞ አሥር እጥፍ ቢይዝም በጭንቅ ነው። ዝርዝር ማርዘምም ቀላል ነው፤ አንድ ፕሮፎርማ መላክ ይበቃል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ዝርዝሩ ተንቀሳቅሷል ወይ የሚለው ነው። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ሩብ ዓመቱ በሚጀምርበት ቀን የእያንዳንዱ ሠራተኛ ዝርዝር ተቀድቶ በኃላፊው እጅ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ያ የተቀመጠ ቅጂ ይወጣና እያንዳንዱ ጉዳይ የት እንደደረሰ ይታያል። ተሸጧል? ምክንያቱ ታውቆ ተዘግቷል? ወደ ፊት ተራምዷል? ወይስ የሚገዛበት ቀን ብቻ ተገፍቶ እዚያው ቆሟል? ሥራው በአንድ ኤክሴል ሰንጠረዥ ያልቃል።

«ተራምዷል» ለማለት ማስረጃው ደንበኛው ራሱ ያደረገው ነገር መሆን አለበት። ሻጩ ሦስት ጊዜ መደወሉ፣ ሻይ መጋበዙ፣ አዲስ ፕሮፎርማ መላኩ እርምጃ አይደለም። ደንበኛው የግዢ ጥያቄውን ለፋይናንስ ክፍሉ ካስገባ፣ ባለሙያውን ልኮ ማሽኑን ካስፈተሸ፣ በጀቱን የሚያጸድቀውን ኃላፊ ካገናኘ፣ ያኔ እርምጃ አለ። ቆጠራው በብር ሳይሆን በጉዳይ ብዛት ይሆናል፤ አለበለዚያ አንዱ ግዙፍ ጉዳይ እዚህም ገብቶ ሌሎቹን ይውጣቸዋል።

የሻጩ 12 ጉዳዮች ሲታዩ አንዱ፣ ያው ጨረታው፣ ተሸጧል። አንዱ ተዘግቷል፣ ሁለቱ ተራምደዋል፣ ስምንቱ ቀናቸው ብቻ ተገፍቷል። ከ12 አራቱ ሕይወት አላቸው ማለት ነው፤ ከ25 ነጥብ 8 ገደማ ያገኛል። ከሻጯ 20 ጉዳዮች ዘጠኙ ተሽጠዋል፣ አራቱ ምክንያታቸው ተጽፎ ተዘግተዋል፣ ሦስቱ ተራምደዋል፣ አራቱ ቆመዋል። ከ20ው 16ቱ ስለተንቀሳቀሱ 20 ነጥብ ታገኛለች።

የተሸነፈ ጉዳይ እንደ በጎ ውጤት መቆጠሩ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ የሽንፈቱ ቅጣት በዕቅዱ ክፍል አስቀድሞ ተከፍሏል፤ ያልሸጠችው ዕቃ እዚያ ነጥብ አላመጣላትም። እዚህ የሚመዘነው እውነቱን ቶሎ ማወቅ ነው። የማይገዛን ደንበኛ በግንቦት ለይቶ የተወ ሰው የሰኔን ጊዜ ለሚገዛው ያውለዋል። እርግጥ ነጥብ ለማግኘት ሲል ጉዳዮችን በጅምላ «ተሸነፈ» ብሎ የሚዘጋ ሊኖር ይችላል። ለዚህ መከላከያው ከእያንዳንዱ የተዘጋ ጉዳይ ጎን ደንበኛው ከማን እንደገዛ ወይም ለምን እንደተወው እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ኃላፊው ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ራሱ ደውሎ ያጣራል።

ትልቅ ውልን በእውነት በጥረቱ ላመጣ ሰው ፍትሕ የሚገኘውም በዚህ ክፍል ነው። ሁለት ዓመት አንድን ሆቴል ተከታትሎ፣ የድሮዎቹ ማሽኖች የሚያስወጡትን ወጪ አስልቶ አሳይቶ፣ ከቴክኒክ ባለሙያው እስከ ሥራ አስኪያጁ ያሳመነ ሻጭ ጉዳዩ በየሩብ ዓመቱ ሲራመድ ይታያል። ስለዚህ ፊርማው ሳይመጣ በፊት ለሥራው ነጥብ ሲያገኝ ቆይቷል። በድንገት የመጣ ውል ግን እንዲህ ያለ ዱካ የለውም። ሁለቱን መለየት ከባድ የሚሆነው የቀደሙት ቅጂዎች ካልተቀመጡ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ክፍል የደንበኛ ግንኙነት ነው። «ከደንበኞች ጋር ጥሩ ግንኙነት አለው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በብዙ የምዘና ቅጽ ላይ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ግን ሠራተኛው ከኃላፊው ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። ደንበኛ ስሜቱን የሚገልጸው በሚያደርገው ነገር ስለሆነ፣ የምሳሌያችን ድርጅት ሦስት ድርጊቶችን ያያል። ነባር ደንበኞች በሩብ ዓመቱ ተመልሰው ገዙ ወይም የጥገና ውላቸውን አደሱ? ለዚህ 10 ነጥብ አለ። በዱቤ የሄደው ዕቃ ክፍያ በተባለው ቀን ተሰበሰበ? ለዚህ 5። የተገባው ቃል ተፈጸመ? ለዚህ 10።

የመጨረሻውን ለማወቅ ኃላፊው ከእያንዳንዱ ሠራተኛ አምስት ደንበኞችን ራሱ መርጦ ይደውላል። ሠራተኛው ከመረጠ የሚደወለው ለወዳጆቹ ይሆናል። ጥያቄዎቹም ስለ ሁነት እንጂ ስለ ውዴታ አይደሉም፤ «ማሽኑ ቢበላሽ ለማን ትደውላላችሁ?»፣ «ከርክክቡ በኋላ መጥቶ አይቶታል?»፣ «ሲሸጥላችሁ የተባለው ነገር ሁሉ ደርሷችኋል?»። «ከአሥር ስንት ትሰጡታላችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ ኢትዮጵያዊ ደንበኛ የሰው እንጀራ ላለመንካት ብሎ ዘጠኝ ወይም አሥር ይላል፤ መልሱም ምንም አያስተምርም።

የጥሪዎቹ ውጤት ከተጠበቀው ወጣ ያለ ነበር። የሻጩ አምስት ደንበኞች ሲጠየቁ አራቱ ቃሉ እንደተፈጸመ ተናገሩ። ትልቁን ውል የፈረመው ቢሮ የቴክኒክ ሠራተኛ ሻጩ ሦስት ጊዜ መጥቶ የማሽኖቹን አጠቃቀም እንዳሳያቸው መሰከረ። ከሻጯ አምስት ደንበኞች ግን ሁለቱ ቅር ብሏቸዋል፤ ቶነር በሁለት ቀን ይደርሳል ተብለው ሳምንት ጠብቀዋል። ቃሉን የሰጠችው መጋዘኑ በዚያ ፍጥነት ማድረስ እንደማይችል እያወቀች ነው። ስለዚህ በዚህ መስፈርት እሱ 8፣ እሷ 6 አገኙ።

በሌሎቹ ሁለቱ ግን መልኩ ይለወጣል። ከሻጩ 10 ነባር ደንበኞች ተመልሰው የመጡት አራቱ ብቻ ናቸው፤ መሰብሰብ ከነበረበት ዱቤም 60 በመቶው ነው የገባው። በአንጻሩ ከሻጯ 24 ነባር ደንበኞች 18ቱ ገዝተዋል፣ ዱቤዋም 90 በመቶ ተሰብስቧል። በዚህ ክፍል ድምር እሱ 15፣ እሷ 18 ነጥብ አላቸው። ሦስቱም ክፍሎች ሲደመሩ ሻጩ 60 ገደማ፣ ሻጯ 85 ገደማ ይሆናሉ።

በዚህ ውጤት ላይ የሚነሳ ከባድ ተቃውሞ አለ። ዓመቱን ያተረፈው ያ 7.5 ሚሊዮን ነው፤ ያመጣውን ሰው 60 መስጠት ሌላ ድርጅት እንዲወስደው መጋበዝ ነው የሚል። ተቃውሞው መልስ ይገባዋል። ሻጩ ኮሚሽኑን በሙሉ አግኝቷል፤ ከውሉ የተረፈው ሂሳብም በሚቀጥሉት ሩብ ዓመታት ነጥብ ያመጣለታል። ነገር ግን ከ12 ጉዳዮቹ ስምንቱ ቆመዋል፣ ከ10 ደንበኞቹ ስድስቱ ዝም ብለዋል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ክረምት ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አዲሱን በጀት ገና እያደላደሉ ነው። ሌላ ትልቅ ጨረታ ካልወጣ ሻጩ የሚሸጠው የለውም። የ150 በመቶው መስመር ይህን ይደብቀው ነበር፤ ኃላፊው የሚያውቀው ጥቅምት ላይ፣ ከረፈደ በኋላ ይሆናል።

ዕቅዱ ራሱ ፍትሐዊ ነበር ወይ የሚለውም መታየት አለበት። ለሁለቱም እኩል 6 ሚሊዮን የተሰጠው ደንበኞቻቸው እኩል ስለሆኑ አይደለም፤ ለመደመር ስለሚቀል ነው። የመንግሥት ቢሮዎችን የያዘ ሰው ሽያጩ በሰኔ ይከማቻል፤ ትምህርት ቤቶችና የግል ድርጅቶች የያዘች ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ትሸጣለች። ያለፉት ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት የየሩብ ዓመቱ ሽያጭ በየምድቡ ወጥቶ ቢታይ፣ ለእሱ በአራተኛው ከፍ፣ በመጀመሪያው ዝቅ ያለ ዕቅድ መስጠት ይቻላል። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜንን ይዞ ከሌሎቹ በቀናት ቢረዝምም ለእንዲህ ዓይነቱ ሽያጭ ደካማው ነው።

ነጥቡ ከወጣ በኋላ የሚደረገው ውይይት የቁጥሩን ያህል ይወስናል። ወረቀቱ ሁለት ቀን ቀድሞ ለሠራተኛው ይሰጣል፤ ስህተት ካለ ማስረጃ ይዞ ይመጣል። ከሻጩ ጋር የሚደረገው ንግግር በስምንቱ የቆሙ ጉዳዮች ላይ አንድ በአንድ ይሄዳል፤ «ይህን ደንበኛ መጨረሻ ያገኘኸው መቼ ነው? እነሱስ ከዚያ ወዲህ ምን አደረጉ?» መልስ የሌላቸው ከዝርዝሩ ይወጣሉ፣ መልስ ላላቸው ቀን ይቆረጣል። ከሻጯ ጋር ደግሞ ስለ ቶነሩ ቃል ይነሳል። መፍትሔው የእሷ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ መጋዘኑ ምን ያህል ቶነር በእጁ እንዳለ በየሳምንቱ ለሻጮቹ የሚያሳውቅበት መንገድ ከሌለ እሷም የምትናገረው በግምት ነው።

ይህን አሠራር አዲስ የሚጀምር ድርጅት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሩብ ዓመታት ነጥቡን ከደመወዝ ጋር ባያያይዘው ይመረጣል። ቅጂ ማስቀመጥና ደንበኛ ጋር መደወል ልማድ እስኪሆኑ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ገንዘብ ቀድሞ ከገባ ሠራተኞች መጀመሪያ የሚማሩት ቀዳዳውን ነው። በዚያ ጊዜ ኃላፊው ሁለት ምልክቶችን ይከታተላል። የመጀመሪያው፣ ከሩብ ዓመቱ ፊርማዎች ውስጥ በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት የተፈረሙት ስንት እንደሆኑና በእነዚያ ቀናት የተሰጠው ቅናሽ ከሌላው ጊዜ መብለጥ አለመብለጡ ነው። ሁለተኛው፣ በሂደት ላይ ያሉ ጉዳዮች ዓመቱን ሙሉ ዝም ብለው ቆይተው በመዝጊያው ሳምንት በአንድነት «ተራመዱ» ተብለው መመዝገባቸው ነው። ሁለቱ ከታዩ የሚስተካከለው መለኪያው ነው፤ ገደቡ ወይም የማስረጃው መስፈርት ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋግሮ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይቀየራል፤ ባለፈው ሩብ ዓመት ላይ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራበትም።